አቅራቢው የርክክብ ቀን እየደጋገመ ሲያሳልፍ ውል ስለማቋረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹን የምንመልሰው አንድ ምሳሌ ይዘን ነው። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለ የወተት አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ከአንድ ነጋዴ ጋር የፉርሽካ አቅርቦት ውል ተፈራረመ እንበል። ነጋዴው ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ለ8 ዙር፣ በየወሩ በ5ኛው ቀን፣ 100 ኩንታል ፉርሽካ ማኅበሩ መጋዘን ድረስ ያመጣል። የአንዱ ኩንታል ዋጋ 2,800 ብር ስለሆነ አንዱ ዙር 280,000 ብር፣ ውሉ በጠቅላላ 2,240,000 ብር ይሆናል። ማኅበሩ 10 በመቶውን፣ ማለትም 224,000 ብር፣ ቅድሚያ ከፍሏል፤ ይህ ከየዙሩ ክፍያ ላይ 28,000 ብር እየተቀነሰ የሚወራረድ ነው። ለዘገየው ዕቃ ዋጋ በቀን ከሺህ አንድ ቅጣት ተቀምጧል። ስለ ማቋረጥ ግን ውሉ ምንም አይልም።

የመስከረሙ ዙር በቀኑ ገባ። የጥቅምቱ ጥቅምት 14 ገባ። የኅዳሩ 60 ኩንታል በቀኑ፣ ቀሪው 40 ኩንታል ኅዳር 27 ገባ። የታኅሣሡ ቀኑ አልፎም አልመጣም። ወሩ ደግሞ ውርጭ ሣሩን የሚያቃጥልበት ነው፤ ላሟ ከገለባ ሌላ የምትበላው የሚገኘው ከመጋዘኑ ብቻ ነው።

በቃ ሰልችቶናል። ዛሬውኑ የማቋረጫ ደብዳቤ ብንጽፍለት ምን ችግር አለው?

ችግሩ ደብዳቤው ከነአካቴው እንዳልተጻፈ ሊቆጠር መቻሉ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1772 አንዱ ወገን ውል አልተፈጸመልኝም ብሎ መብት ከመጠየቁ በፊት ሌላውን ወገን ግዴታህን ፈጽም ብሎ እንዲያስጠነቅቅ ያዛል። ስለዚህ መንገዱ ሁለት ደብዳቤ ነው። የመጀመሪያው «ይህን ያህል ዕቃ እስከዚህ ቀን አስረክብ፣ ከዚያ በኋላ አልቀበልም» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለተኛው ያ ቀን ካለፈ በኋላ የሚጻፈው ማቋረጫ ነው። አንቀጽ 1774 ቀን ቆርጦ የመስጠት መብት ይሰጣል፤ አንቀጽ 1787 ደግሞ በተቆረጠው ቀን ካልተፈጸመ ፍርድ ቤት ሳይኬድ ውሉን መሠረዝ ያስችላል። የማቋረጥ አንቀጽ በሌለው ውል ላይ መብቱ በዋናነት የሚቆመው በእነዚህ ሁለት አንቀጾች ላይ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለቱን በአንድ ወረቀት በመጻፍ ነው። «በ10 ቀን ውስጥ ካላቀረቡ ይህ ደብዳቤ ውሉን እንዳቋረጠ ይቆጠር» ይላል። እንዲህ ያለው ደብዳቤ ዋጋ የለውም አንልም፤ ነገር ግን በ9ኛው ቀን 30 ኩንታል ቢመጣ ውሉ ተቋርጧል ወይስ አልተቋረጠም የሚለው መጨቃጨቂያ ይሆናል። ሁለተኛዋ ወረቀት የአንድ ገጽ ሥራ ናት፤ ጻፏት።

ማስጠንቀቂያ የማያስፈልግበት ጊዜ የለም?

አለ። አንቀጽ 1775 ይዘረዝራቸዋል። ለአቅርቦት ውል የሚጠቅሙት ሦስት ናቸው፦ አቅራቢው አልፈጽምም ብሎ በጽሑፍ ሲያሳውቅ፣ ዕቃው በተወሰነው ጊዜ ካልሆነ በኋላ ቢመጣ ፋይዳ የሌለው ሆኖ ጊዜው ሲያልፍ፣ እንዲሁም ቀኑ ባለፈ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ ጥፋተኛ እንደሚሆን በውሉ ላይ ሲስማሙ። ለጥምቀት ዋዜማ የታዘዘ ድንኳን በማግሥቱ ቢመጣ ሁለተኛውን ዓይነት ይመስላል። ፉርሽካ ግን አይመስልም፤ ከሳምንት በኋላም ቢመጣ ይበላል። በዚህ ዓይነት ዕቃ ላይ ማስጠንቀቂያ አያስፈልገንም ብሎ መተማመን ከ10 ቀን ትዕግሥት ይልቅ ብዙ ያስከፍላል።

ውሉ ራሱ ለምሳሌ «በተከታታይ ሁለት ዙር ከ7 ቀን በላይ ከዘገየ ገዥው ውሉን ማቋረጥ ይችላል» ካለ መነሻው አንቀጽ 1786 ይሆናል። ያኔ ሥራው ውሉ ያስቀመጠው ሁኔታ መሟላቱን በቀንና በሰነድ ማሳየት ነው። ሁለት ዙር ተብሎ ተጽፎ የዘገየው አንደኛውና ሦስተኛው ከሆነ አልተሟላም። «ተከታታይ» የምትለዋን ቃል ሳያነቡ ደብዳቤ የሚጽፉ አሉ።

ከዚህ በፊት ዘግይቶ ሲያመጣ ዝም ብለን ተቀብለናል። መብታችን ቀረ?

አልቀረም፣ ግን ተዳክሟል። አቅራቢው «ለወራት በዚሁ አኳኋን ስንሠራ ቆይተናል፣ ቀኑ ለይስሙላ ነበር» ብሎ ይከራከራል። በእኛ ምሳሌ የጥቅምቱን ዙር የመጋዘን ሠራተኛው ሲረከብ የዕቃ ገቢ ደረሰኝ ላይ የጻፈው «100 ኩንታል ፉርሽካ» ብቻ ከሆነና ሒሳብ ክፍልም ቅጣት ሳይቀንስ ሙሉውን ከከፈለ፣ ወረቀቱ የሚመሰክረው ለአቅራቢው ነው።

ይህን ማስተካከያው ማስጠንቀቂያው ራሱ ነው። ያለፉትን መዘግየቶች በቀን ዘርዝሩ፣ ዕቃውን መቀበላችሁ የቅጣት መብታችሁን መተው እንዳልሆነ ግለጹ፣ ከአሁን ወዲያ በውሉ ቀን መከበር እንደምትጸኑ በግልጽ አስቀምጡ። ከዚያ በኋላ «አላወቅሁም» አይሠራም። ለወደፊቱ ደግሞ የመጋዘን ሠራተኛው ደረሰኙ ላይ አንድ መስመር እንዲጨምር ንገሩት፦ «በውሉ መሠረት መግባት የነበረበት ጥቅምት 5፤ የገባው ጥቅምት 14፤ የ9 ቀን ቅጣት መብት ተጠብቆ የተረከብን»። ሾፌሩ ወይም ጭነት አስረካቢው ከሥሩ ይፈርማል። ይህች መስመር ችሎት ፊት ከአምስት ምስክር በላይ ትሠራለች።

ስንት ቀን እንስጥ?

ሕጉ ቁጥር አላስቀመጠም፤ እንደ ጉዳዩ ዓይነትና ሁኔታ ተገቢ ይሁን ነው የሚለው። ስለዚህ ጥያቄው «አቅራቢው ዛሬ ቢጀምር ዕቃውን ለማድረስ ምን ያህል ይበቃዋል?» የሚል ነው። ፉርሽካ በአገር ውስጥ የዱቄት ፋብሪካ ያለ ዕቃ ነው፤ 100 ኩንታሉም በሁለት አይሱዙ የሚጫን ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጉዞው የአንድ ቀን ነው። ለፋብሪካ ወረፋና ለክፍያ የሚሆነውን ጨምሮ 10 ቀን በቂ ነው፤ 7 ቀንም ያስኬዳል። 48 ሰዓት ግን ለማስፈራራት እንጂ ለማስፈጸም የተሰጠ አይመስልም፣ ዳኛም እንዲሁ ሊያየው ይችላል። ከውጭ አገር ለሚመጣ መለዋወጫ ደግሞ 10 ቀን ራሱ ቀልድ ነው።

ቀኑን በቁጥር ብቻ አትተዉት። «በ10 ቀን ውስጥ» ከማለት «እስከ ታኅሣሥ 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ» ይሻላል። «ከደብዳቤው ቀን ነው ወይስ ከደረሰኝ ቀን?» የሚለው ክርክር እዚያው ይቀራል። ደብዳቤው ዘግይቶ ከደረሰው ግን የቀሩት ቀኖች አሁንም በቂ መሆናቸውን አስሉ፤ ካልሆኑ አዲስ ቀን ቆርጣችሁ ጻፉ። አቅራቢው የሚሠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ከሆነ ሁለቱንም ቀን አስፍሩ።

ማስጠንቀቂያው ምን ምን ይያዝ? ናሙና አለ?

ከታች ያለው በምሳሌያችን ልክ የተጻፈ ነው። የአቅራቢው ስም በንግድ ፈቃዱ ላይ እንዳለው ይጻፍ፤ ገበያ ላይ የሚጠራበት ስም አይበቃም።

ቁጥር፦ ……
ቀን፦ ታኅሣሥ 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለ፦ …… (አቅራቢ)
አድራሻ፦ ……

ጉዳዩ፦ የ4ኛውን ዙር ፉርሽካ እስከ ታኅሣሥ 18 ቀን 2018 ዓ.ም. እንዲያስረክቡ ማስጠንቀቂያ ስለመስጠት

ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በተፈራረምነው የአቅርቦት ውል መሠረት በየወሩ በ5ኛው ቀን 100 ኩንታል ፉርሽካ መጋዘናችን ድረስ አምጥተው የማስረከብ ግዴታ አለብዎት። ሆኖም የ2ኛው ዙር 9 ቀን ዘግይቶ ጥቅምት 14 ቀን ገብቷል። ከ3ኛው ዙር 40 ኩንታሉ 22 ቀን ዘግይቶ ኅዳር 27 ቀን ገብቷል። ታኅሣሥ 5 ቀን መግባት የነበረበት የ4ኛው ዙር 100 ኩንታል ይህ ደብዳቤ እስከተጻፈበት ቀን ድረስ አልቀረበም። ዘግይቶ የመጣውን ዕቃ የተረከብነው በውሉ የተቀመጠውን ቅጣት የመጠየቅ መብታችንን ትተን አይደለም።

ስለዚህ የ4ኛውን ዙር 100 ኩንታል ሙሉ በሙሉ እስከ ታኅሣሥ 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ መጋዘናችን አምጥተው እንዲያስረክቡ እናስጠነቅቃለን። ከዚህ ጊዜ በኋላ የሚቀርብ ዕቃ አንቀበልም። በተባለው ጊዜ ካላስረከቡ በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1774 እና 1787 መሠረት ከ4ኛው እስከ 8ኛው ዙር ያለውን ቀሪ ውል የምንሠርዝ መሆኑን፣ ያልተወራረደውን ቅድሚያ ክፍያ፣ ቅጣትና ኪሣራም የምንጠይቅ መሆኑን እናስታውቃለን።

ከሰላምታ ጋር
(ስም፣ ኃላፊነት፣ ፊርማ፣ ማኅተም)

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ «ከ4ኛው እስከ 8ኛው ዙር» የሚለው ሐረግ ወሳኝ ነው። ብዙ ማስጠንቀቂያ ስለዘገየው አንድ ዙር ብቻ ይጽፋል፤ ከዚያ ማቋረጫው መላ ውሉን ሲሠርዝ አቅራቢው «የተነገረኝ ስለ ታኅሣሡ ዕቃ ብቻ ነው» ይላል። ሁለተኛ፣ ስድብና ምሬት አይግባበት። «በሕገወጥ ስግብግብነት» የሚል ቃል የገባበት ደብዳቤ ለአቅራቢው የሚያሳየው ነገር ከመስጠት ሌላ ጥቅም የለውም።

ፈራሚው ሥልጣን ያለው ይሁን። በኅብረት ሥራ ማኅበር ውሉን ሊቀመንበሩ ከፈረመ፣ ደብዳቤውን የግዢ ሠራተኛው ብቻ ቢፈርመው ክፍተት ነው። መተዳደሪያ ደንባችሁ ማን ይፈርማል እንደሚል እዩ፤ የሥራ አመራር ኮሚቴ ውሳኔ ያስፈልጋል ካለ ቃለ ጉባኤው ከማቋረጫው ቀን በፊት የተያዘ ይሁን።

ታኅሣሥ 18 ደረሰ፣ የመጣው 60 ኩንታል ብቻ ነው። አሁንስ?

ማስጠንቀቂያው «ሙሉ በሙሉ» ስላለ ግዴታው አልተፈጸመም። 60ውን ተረክቦ ውሉን ማቋረጥ ግን ለአቅራቢው በር ይከፍታል፤ «ተቀበሉኝ፣ ስለዚህ ጊዜ ጨመሩልኝ» ይላል። ከብቶቹ የሚበሉት ከሌለና መረከብ ግድ ከሆነ፣ ዕቃውን ስትረከቡ «የተረከብነው የ4ኛውን ዙር ከፊል ብቻ ነው፤ የታኅሣሥ 18 የጊዜ ገደብ አልተራዘመም» ብላችሁ ደረሰኙ ላይ አስፈርሙ። ላልመጣው 40 ኩንታልና ለሚቀጥሉት ዙሮች ማቋረጫውን በማግሥቱ ጻፉ። ማቋረጫ በዘገየ ቁጥር ጊዜ እንደሰጣችሁ እየመሰለ ይሄዳል።

መቶውም በቀኑ ከገባ በዚህ ማስጠንቀቂያ ማቋረጥ አይቻልም። ቅጣቱን ትቀንሳላችሁ፣ ጥር 5ን ትጠብቃላችሁ፣ እንደገና ካለፈ ሌላ ማስጠንቀቂያ ትጽፋላችሁ። አንጀት ያቃጥላል፤ ስለዚህ ነው ውል ሲጻፍ የድግግሞሽ አንቀጽ ማስገባት የሚበጀው።

የማቋረጫው ደብዳቤስ እንዴት ይጻፋል?

ከማስጠንቀቂያው ያጠረ ይሁን። እስከ ታኅሣሥ 18 ምንም ዕቃ አልመጣም እንበል፤ ቀኑ ቅዳሜ ላይ ስለሚውል ምሳሌያችን ሰኞ ታኅሣሥ 20 ቀን ተጽፏል።

ጉዳዩ፦ የአቅርቦት ውል መሠረዙን ስለማሳወቅ

በቁጥር …… ታኅሣሥ 8 ቀን 2018 ዓ.ም. በተጻፈና ታኅሣሥ 8 ቀን ፈርመው በተቀበሉት ማስጠንቀቂያ የ4ኛውን ዙር 100 ኩንታል ፉርሽካ እስከ ታኅሣሥ 18 ቀን እንዲያስረክቡ ጊዜ ተሰጥቶዎት ነበር። በተባለው ጊዜ ምንም ዕቃ አላስረከቡም። በመሆኑም ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. የተፈራረምነውን ውል ከ4ኛው ዙር ጀምሮ ያለውን በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1787 መሠረት ከዛሬ ታኅሣሥ 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የሠረዝነው መሆኑን እናሳውቃለን። ከዚህ በኋላ በዚህ ውል ስም የሚላክ ዕቃ አንረከብም።

ከዚህ ጋር በተያያዘው ዝርዝር መሠረት ያልተወራረደ ቅድሚያ ክፍያ 140,000 ብር፣ የመዘግየት ቅጣት 9,184 ብር እና የምትክ ግዢ ልዩነት 35,000 ብር፣ በድምሩ 184,184 ብር ይህ ደብዳቤ በደረሰዎት በ15 ቀን ውስጥ እንዲከፍሉ እንጠይቃለን። በቀሪዎቹ ዙሮች ምክንያት የሚደርስብንን ተጨማሪ ኪሣራ የመጠየቅ መብታችን የተጠበቀ ነው።

«ለማቋረጥ እንገደዳለን»፣ «ለማቋረጥ አስበናል» የሚሉ አነጋገሮች እዚህ ቦታ የላቸውም። ማቋረጫ የሚያቋርጥ ዓረፍተ ነገር ሊኖረው ይገባል፤ «ሠርዘናል»፣ ቀኑ ይህ ነው፣ አለቀ።

184,184 ብሩ እንዴት መጣ?

ቅድሚያው 224,000 ነበር፤ በሦስት ዙር 84,000 ተወራርዷል፣ 140,000 ቀርቷል። ይህ ክርክር የማይነሳበት ክፍል ነው፣ ዕቃ ያልመጣበት ገንዘብ ስለሆነ።

ቅጣቱ ባልቀረበው ዕቃ ዋጋ ላይ ነው የሚሰላው። ለጥቅምቱ 280,000 ብር ከሺህ አንድ በቀን 280 ብር ነው፤ በ9 ቀን 2,520 ብር። ለኅዳሩ የዘገየው 40 ኩንታል ብቻ ስለሆነ መነሻው 112,000 ብር ነው፤ በቀን 112፣ በ22 ቀን 2,464 ብር። እዚህ ላይ በ280,000 አስልቶ የሚልክ ሒሳብ ሠራተኛ አይጠፋም፤ አንድ የተጋነነ ቁጥር ሌላውንም ያስጠረጥራል። ለታኅሣሡ ከ5 እስከ 20 ያለው 15 ቀን በ280 ሲባዛ 4,200 ብር። ድምሩ 9,184።

እንደምታዩት ቅጣቱ ትንሽ ነው። ትልቁ ኪሣራ ሌላ ቦታ ሄዶ በውድ መግዛቱ ነው። ማኅበሩ የጊዜ ገደቡ ካለፈ በኋላ 100 ኩንታል በ3,150 ብር ገዛ እንበል፤ በኩንታል 350፣ በጠቅላላው 35,000 ብር ልዩነት ነው። ይህን ለመጠየቅ የሚያስፈልገው ከሦስት ሻጭ የተሰበሰበ ፕሮፎርማ፣ የግዢው ደረሰኝና የግዢው ቀን ነው። አንቀጽ 1802 ተጎጂው ኪሣራውን ለመቀነስ የሚችለውን እንዲያደርግ ስለሚል፣ ከሦስቱ ውዱን መርጦ መግዛት ልዩነቱን ያሳጣል። ሳይገዙ «የወተት ምርታችን ቀነሰ» ብሎ ብቻ መጠየቅም እንዲሁ፤ «ለምን አልገዛችሁም?» ይባላል።

በውሉ ላይ ያለው ቅጣት የመዘግየት ነው ወይስ ለማንኛውም አለመፈጸም የተቆረጠ ካሣ ነው? ይህን ከአንቀጽ 1889 ጀምሮ ካሉት ድንጋጌዎች ጋር አነጻጽሩ። የተቆረጠ ካሣ ከሆነ ከእሱ በላይ መጠየቅ የሚቻለው በጠባብ ሁኔታ ነው። የእኛ ምሳሌ ቅጣቱን «ለዘገየ» ብሎ ስለወሰነው የምትክ ግዢው ልዩነት ለብቻው ይቆማል።

ገንዘቡን በተባለው ጊዜ ካልመለሰ ሕጋዊ ወለዱ በዓመት 9 በመቶ ነው።

ደብዳቤውን አልቀበልም ቢለን፣ ስልክም ቢዘጋብንስ?

ከሁሉ የሚሻለው በሁለት ቅጂ ይዞ ሄዶ በአንደኛው ላይ ስም፣ ቀንና ፊርማ ማስፈር ነው። ሱቁ ውስጥ ያለ ተላላኪ ልጅ ቢፈርም «አላየሁትም» ሊል ስለሚችል ኃላፊነቱን አብሮ አስጽፉ። እምቢ ካለ ቅጂው ጀርባ ላይ ሰዓቱንና ቦታውን ጽፎ አብረው የሄዱ ሁለት ሰዎች ይፈርማሉ፤ በዚያው ቀን ደግሞ በሪኮማንዴ በፖስታ ይላካል፣ የፖስታ ቤቱ ደረሰኝ ከፋይሉ ጋር ይታሰራል። በውሉ ላይ የተጻፈው አድራሻ ይበልጣል፤ ቤት ቢቀይር እንኳ ያላሳወቀ እሱ ነው።

በቴሌግራም መላክ ይቻላል፤ አንቀጽ 1773ም ከጽሑፍ ሌላ ፈቃድን የሚገልጽ ማንኛውንም ሁኔታ ይቀበላል፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ዕውቅና ሰጥቷል። ግን ተጨማሪ እንጂ ምትክ አታድርጉት። ስልኩ የማን ነው፣ መልእክቱ ተነቧል ወይ የሚል ክርክር ፊርማ ያለበት ወረቀት ላይ አይነሳም። በስልክ የተባለው ደግሞ ከተባለ በኋላ ይተናል።

«መንገድ ተዘግቶ ነው»፣ «ዋጋ ጨምሮብኝ ነው» ይላል። ማቋረጥ እንችላለን?

ዋጋ መጨመር ምክንያት አይሆንም። አንቀጽ 1794 የጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመርን ወይም መቀነስን ከአቅም በላይ ከሆነ ኃይል ያወጣዋል። ነጋዴ ዋጋ ቆርጦ የፈረመው ይህንኑ ሥጋት ተሸክሞ ነው።

መንገድ ሲዘጋ ግን በቀን በቀኑ መመልከት ያስፈልጋል። ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል በአንቀጽ 1792 ግዴታ ያለበት ወገን አስቀድሞ ሊያስበው የማይችል፣ ፍጹም የሚያግደው ነገር ነው፤ ማክበዱ ብቻ አይበቃም። ውሉ ሲፈረም መንገዱ አልፎ አልፎ እንደሚዘጋ ሁሉም ያውቅ ከነበረ «ያልታሰበ» ማለት ይከብዳል። ከዚያም ጭነቱ የሚነሳው ከየት እንደሆነ እዩ። የጣርማ በር በኩል መዘጋት ከሸዋ ሮቢት ማሾ የሚያመጣን አቅራቢ ይነካዋል፤ ከአዲስ አበባ በሸኖ በኩል ፉርሽካ የሚያመጣውን አይመለከተውም። ሦስተኛው፣ መንገዱ የተዘጋባቸውን ቀኖች ከዘገዩት ቀኖች ላይ ቀንሱ። ለኅዳሩ ዙር በእርግጥ 4 ቀን ተዘግቶ ከነበረ 22ቱ 18 ይሆናል፣ ቅጣቱም 2,016 ብር። እናንተ ራሳችሁ ቀድማችሁ ብትቀንሱት ዳኛው ፊት ታማኝ ያደርጋችኋል። እንቅፋት የገጠመው አቅራቢ ወዲያውኑ ማሳወቅም ነበረበት፤ ማስጠንቀቂያ ሲደርሰው ብቻ የተነሳ ምክንያት ይጠረጠራል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚበረታው ግን «ክፍያ አዘግይታችሁብኝ ነው» የሚለው መልስ ነው። ማስጠንቀቂያ ከመጻፋችሁ በፊት የራሳችሁን ክፍያ ቀኖች ከውሉ ጋር አስተያዩ። ውሉ በተረከቡ በ7 ቀን ይከፈላል ብሎ የጥቅምቱን በ25 ቀን ከከፈላችሁ፣ መጀመሪያ እሱን ዝጉ።

ለቅድሚያው የባንክ ዋስትና ይዘናል። መቼ እንጠይቅ?

የዋስትናውን ማብቂያ ቀን ዛሬውኑ አውጥታችሁ ተመልከቱ። ብዙ ገንዘብ የሚቀልጠው ውሉን በትክክል አቋርጦ ዋስትናው ካለፈ በኋላ ባንክ በመሄድ ነው። በማስጠንቀቂያው ጊዜ ውስጥ የሚያበቃ ከሆነ እንዲታደስ በዚያው ደብዳቤ ጠይቁ፤ ካልታደሰ ከማብቂያው በፊት የክፍያ ጥያቄ ለባንኩ አስገቡና ማኅተም የተደረገበት ቅጂ ያዙ። የኢንሹራንስ ዋስትና ከሆነ ቅድመ ሁኔታውን አንብቡ፤ አንዳንዱ አለመፈጸሙ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል፣ በመጀመሪያ ጥያቄ የሚከፈል ግን አይጠይቅም። መጠየቅ የሚገባው የቀረው 140,000 እንጂ የተከፈለው 224,000 አይደለም።

እኛ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነን። ይኸው ይሠራልናል?

መሠረቱ አንድ ነው፤ ከላዩ ግን የግዢ ሕግ አለ። የፌዴራል ተቋም በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ይመራል፤ የክልል መሥሪያ ቤት የክልሉን ሕግ ይከተላል። ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን በአማራ ክልልም፣ ማዕከሉ ፍቼ ሆኖ በኦሮሚያ ክልልም ስላለ የማንን መመሪያ እንደምትከተሉ ለዩ። በኦሮሚያው ዞን የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው፤ በአማርኛ የተጻፈ ውልና ደብዳቤ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ትርጉም ያስፈልገዋል። የማቋረጡን ውሳኔ ማን ያጸድቃል የሚለውንም ከመፈረም በፊት ጨርሱ።

ውላችሁ ክርክር በግልግል ይታያል ካለ፣ የግልም ሆነ የመንግሥት፣ ፍርድ ቤት ቀጥታ አይኬድም። ማቋረጫውን መጻፍ ግን ይህ አያግድም።

ማቋረጫው ከደረሰው በኋላ በሌሊት ጭኖ በር ላይ ቢያቆምስ?

ይህ ይደርሳል፣ አብዛኛውን ጊዜም ታስቦበት ነው። ዘበኛው ከፍቶ ካስገባና ጭነቱ ከወረደ ጠዋት ላይ ውሉ ተቋርጧል ወይስ ቀጥሏል የሚለው ጥያቄ እንደገና ይነሳል። ማቋረጫው በተፈረመ ቀን ለዘበኛውና ለመጋዘን ሠራተኛው በጽሑፍ ንገሩ፦ ከዚህ አቅራቢ የሚመጣ ዕቃ ያለ ሥራ አስኪያጁ የጽሑፍ ትዕዛዝ አይወርድም። መኪናው ከመጣ የሰሌዳ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን መዝግቡ፣ ለሾፌሩም የማቋረጫውን ቅጂ ስጡት።

ዕቃውን ከፈለጋችሁት፣ ዋጋውም ከገበያው ከተሻለ፣ መግዛት ትችላላችሁ። ግን እንደ አዲስ ግዢ ይሁን፦ በዕለቱ ቀን፣ በራሱ ዋጋ፣ «ታኅሣሥ 20 የተሠረዘውን ውል የማያድስ የአንድ ጊዜ ግዢ» የሚል መስመር ባለበት ወረቀት፣ በሁለታችሁም ፊርማ። ዋጋውን ከሚመልሰው 140,000 ብር ላይ እናቻችል ካለም ስንት ተቻችሎ ስንት እንደቀረ እዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ከዚያ መኪናው ይራገፍ።